«ጠቋሚውን እንጠብቃለን» ብሎ ለመጻፍ ምን ያስፈልጋል?

(ለአገር በቀል ድርጅቶች የአስተዳደርና የፋይናንስ ባለሙያዎች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ አጭር ሰነድ ነው። ብዙዎቻችሁ ቢሮ ውስጥ አለ፤ የጥቆማ ፖሊሲ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ለጋሽ ድርጅት ሲጠይቅ ነው። ፕሮፖዛሉ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ከሌላ ድርጅት ፋይል ይገኛል። ስሙ ይቀየራል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ይላካል። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው የለም።

እንዲህ ባሉ ሰነዶች ውስጥ ሁልጊዜ የማገኛት አንድ ዓረፍተ ነገር አለች። «ድርጅቱ ጥቆማ ያቀረበን ሠራተኛ ከማንኛውም የበቀል እርምጃ ይጠብቃል» ትላለች። ስትነበብ ደስ ትላለች። ግን ጠብቁኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር ማን በር ላይ እንደሚቆም አትናገርም። «ድርጅቱ» ማለት ማን ነው? ጥቆማው በዋና ዳይሬክተሩ ላይ ከሆነስ? በቀል የሚባለው የትኛው እርምጃ ነው? መልስ የላትም። የዛሬው ጨዋታችን ይህችን ዓረፍተ ነገር ቁም ነገር ያላት እንዴት እናድርጋት የሚል ነው።

ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር አንድ ሁኔታ እናስብ። አንድ ስድሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ወረዳ ላይ የውሃ ቦኖ ያሠራል። ለግንባታው 200 ኩንታል ሲሚንቶ ተገዝቷል። ዕቃው ሐሙስ ከሰዓት መጣ። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ስትቆጥር 140 ኩንታል ነው። የግዥ ኃላፊው «ቀሪው ነገ ይገባል፣ አንቺ ፈርሚ፣ ሹፌሩ እንዳይቆም» አላት። በዕቃ መረከቢያው ላይ 200 ብላ ፈረመች። ነገ መጣ፣ ሳምንት ሄደ፣ 60ው ኩንታል አልገባም። ስትጠይቅ «ነገር አትፈልጊ» ተባለች። ኋላ የግዥውን ፋይል ስታይ ሦስቱ ፕሮፎርማዎች በአንድ እጅ ጽሕፈት የተሞሉ ይመስላሉ። ይህች ሴት ሕልም አላየችም፤ ወረቀት በእጇ ይዛለች። አሁን የት ትሂድ?

እስቲ ፖሊሲያችሁን በእሷ ዓይን አንብቡት።

መጀመሪያ የምትፈልገው ጥቆማውን የምታቀርብበት ቦታ ነው። ብዙ ፖሊሲ «ለቅርብ ኃላፊ ያቅርብ» ይላል። የእሷ የቅርብ ኃላፊ ያው የግዥ ኃላፊው ነው። ቀጥሎ «ወይም ለሰው ሀብት» ይላል። በትንሽ ድርጅት የሰው ሀብቱም ግዥውም በአንድ የአስተዳደር ኃላፊ ሥር ናቸው። ሁለቱ መስመሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለ የሐሳብ መስጫ ሳጥንም አለ። ሳጥኑ ያለው ጥበቃው ከሚቀመጥበት ፊት ለፊት ነው፤ ቁልፉ ጸሐፊዋ ጋር ነው። ኢሜይሉስ? የጋራ ኢሜይል ነው፤ የአይቲ ባለሙያው የይለፍ ቃሉን መቀየር ይችላል፤ እሱም ለአስተዳደር ኃላፊው ተጠሪ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ሰነድ መጻፍ አይደለም። የድርጅቱን መዋቅር ወረቀት ላይ ሥሉና በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ላይ ማን እንዳለ እዩ። ቢያንስ ሁለት መንገድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም አንድ ሰው ጋ መድረስ የለባቸውም። አንዱ በውስጥ ይሁን፤ ለምሳሌ የውስጥ ኦዲተሩ ወይም የሥነ ምግባር ተጠሪው። ሌላው ከሥራ አመራሩ ውጭ ይሁን፤ ለምሳሌ የቦርዱ የኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢ። ፖሊሲው የኃላፊነቱን መጠሪያ፣ የስልክ ቁጥሩንና ኢሜይሉን መያዝ አለበት። «የሚመለከተው አካል» የሚል ቃል ካለ ሰርዙት። ጥቆማ ሊያቀርብ የተዘጋጀ ሰው የሚመለከተውን አካል እየጠየቀ መዞር አይችልም፤ መጠየቁ ራሱ ያጋልጠዋል።

ከዚያ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፤ ጥቆማው የቀረበበት ሰው በየትኛውም ደረጃ ቢሆን ጥቆማውን አይቀበልም፣ አያነብም፣ መርማሪ አይመድብም፣ ስለ ሂደቱም ሪፖርት አይደርሰውም። ዋና ዳይሬክተሩን የሚመለከት ከሆነ በቀጥታ ለቦርድ ሰብሳቢው ይሄዳል። የቦርድ ሰብሳቢውን የሚመለከት ከሆነስ? ለዚያም አንድ ስም ጻፉ።

ይህ የተጋነነ ጥንቃቄ የሚመስለው ካለ የባርክሌይስን ታሪክ ልንገራችሁ። ባርክሌይስ ትልቅ የእንግሊዝ ባንክ ነው። የጥቆማ ፖሊሲ ነበረው፣ የጥቆማ ክፍል ነበረው፣ የሕግ ባለሙያ ሞልቶታል። እ.ኤ.አ. በ2016 ስም ያልተጻፈበት ደብዳቤ ደረሰ። ደብዳቤው አዲስ ስለተቀጠሩ አንድ ከፍተኛ ኃላፊ ነበር፤ የባንኩ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ጄስ ስቴሊም በቅጥሩ ውስጥ ስላላቸው ድርሻ ተነሥቶባቸዋል። ስቴሊ ጸሐፊው ማን እንደሆነ ለማወቅ የባንኩን የደህንነት ክፍል ጠየቁ። እንዲህ ማድረግ ልክ እንዳልሆነ ተነገራቸው። በኋላ ነገሩ የተዘጋ መስሏቸው ድጋሚ ጠየቁ። የደህንነት ክፍሉ ከአንድ የአሜሪካ የሕግ አስከባሪ አካል እርዳታ እስከመጠየቅ ደረሰ። ጸሐፊው አልተገኘም። ነገሩ ለቦርዱ የታወቀው በ2017 መጀመሪያ አንድ የባንኩ ሠራተኛ ስላነሣው ነው። በ2018 የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ስቴሊን 642,430 ፓውንድ ቀጧቸው፤ ባንኩም ከጉርሻቸው 500,000 ፓውንድ ቀነሰ። በዚያው ዓመት የኒውዮርክ ግዛት የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ባንኩን 15 ሚሊዮን ዶላር ቀጣ።

ከዚህ የምወስደው አንድ ነገር ነው። ደብዳቤውን ያነበበው ሰው የተነሣበት ሰው ነበር። ሰው ስሙ ሲነሣ «ማን ነው ይህን ያለው?» ብሎ መጠየቁ ያለ ነው። ፖሊሲው ይህን ጥያቄ መጠየቅን ራሱን ማገድ አለበት። «የጥቆማ አቅራቢን ማንነት ለማወቅ መሞከር፣ ወይም ሌላ ሰው እንዲያውቅ ማዘዝ፣ ውጤት ባይገኝበትም እንደ በቀል ይቆጠራል፤ ከፍተኛ የዲሲፕሊን ጥፋት ነው» ተብሎ ይጻፍ። «ውጤት ባይገኝበትም» የምትለዋን አትተዉ። ባርክሌይስም ላይ ጸሐፊው አልተገኘም፤ ቅጣቱ ግን አልቀረም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ እንዲህ ያለ ትእዛዝ የደረሰው የአይቲ ወይም የጥበቃ ሠራተኛ ትእዛዙን የመቃወም መብት እንዳለው፣ ለቦርዱም ማሳወቅ እንዳለበት መጻፍ ነው። ያለዚያ የአለቃውን ቃል ይፈጽማል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው እንመለስ። ሠራተኛዋ ለኦዲት ኮሚቴ ሰብሳቢው ጻፈች እንበል። ስሟን እንዳይጠራ ለምናዋለች። እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖች አሉ፤ ብዙ ሰነድ ይደባልቃቸዋል። በአንደኛው ተቀባዩ ማን እንደጠቆመ ያውቃል፣ ግን ለሌላ አይናገርም። በሁለተኛው ተቀባዩም አያውቅም። ሁለቱንም መፍቀድ ጥሩ ነው። ግን የመጀመሪያውን ለመረጠ ሰው «ስምህን ማንም አያውቅም» ብላችሁ አትጻፉ። ሐሰት ነው። ይልቅ በትክክል ማን እንደሚያውቅ ንገሩት፤ «ስምህን የሚያውቁት ጥቆማውን የተቀበለው ሰውና የተመደበው መርማሪ ብቻ ናቸው። ለሦስተኛ ሰው መንገር ካስፈለገ አስቀድመን ፈቃድህን በጽሑፍ እንጠይቃለን። ፍርድ ቤት ወይም ሕግ ካስገደደን ግን ልንገልጽ እንችላለን፤ ያኔም ምርመራውን የማያበላሽ እስከሆነ ድረስ ቀድመን እናሳውቅሃለን።» እንዲህ የተነገረው ሰው ምን ያህል አደጋ እንደሚወስድ አስቦ ይወስናል። ያልተነገረው ሰው ግን በኋላ ሲያውቅ ተከዳሁ ይላል፤ እውነቱን ነው።

ስም አለመጻፍም ብቻውን አይደብቅም። ከቴሌግራም የተላከ መልእክት ተቀባዩ ቁጥሩን ስልኩ ላይ መዝግቦት ከነበረ ስም ይዞ ይመጣል። በቢሮ ኮምፒውተር የተጻፈ ፋይል የጸሐፊውን ስም በውስጡ ይዞ ይሄዳል። የመረከቢያው ፎቶ ላይ የጠረጴዛው ጨርቅ ይታያል። ስለዚህ ፖሊሲው በአባሪ አንድ ገጽ ይኑረው፤ ከቢሮ ስልክና ከቢሮ ኢንተርኔት አትላክ፣ በራስህ እጅ ጽሕፈት አትጻፍ፣ ከጻፍክ በኋላ ምላሽ የምናደርስበትን አንድ መንገድ ተው የሚል። የመጨረሻዋ ብዙ ጊዜ ትረሳለች። ስሙን ያልጻፈ ሰው መልስ የሚቀበልበት መንገድ ከሌለው መርማሪው «የትኛው ግዥ ነው?» ብሎ መጠየቅ አይችልም፤ ፋይሉም እዚያው ይዘጋል። ለዚሁ ብቻ የተከፈተ አዲስ ኢሜይል ይበቃል።

ግን ከሁሉም በላይ ሰው የሚጋለጠው በስሙ አይደለም፤ በሚያውቀው ነገር ነው። እስቲ አስቡት። ሐሙስ ከሰዓት 60 ኩንታል መጉደሉን የሚያውቁት ስንት ሰዎች ናቸው? ሠራተኛዋ፣ ሹፌሩ፣ ምናልባት የመጋዘኑ ጥበቃ፣ የግዥ ኃላፊው። መርማሪው ሰኞ ጠዋት ቢሮ ገብቶ «የባለፈው ሐሙስን የሲሚንቶ መረከቢያ አምጡልኝ» ካለ ስሟን ባይጠራም ጠርቷታል። የግዥ ኃላፊው ሻይ ሳይጠጣ ማን እንደሆነች ያውቃል። ሹፌሩ አይጠረጠርም፤ ትናንት ስለ ጉድለቱ የጠየቀችው እሷ ናት።

እዚህ ጋ ነው የመርማሪው ጥበብ። ጥያቄውን ያሰፋዋል። የስድስት ወር የዕቃ መረከቢያ ሰነዶችን በሙሉ፣ ከሁሉም ቅርንጫፍ፣ በመደበኛ ኦዲት ስም ይጠይቃል። ሁለት ሌሎች ቅርንጫፎች ላይም ድንገተኛ የንብረት ቆጠራ ያደርጋል። የሲሚንቶው ሰነድ ከመቶ ሰነዶች አንዱ ሆኖ ይመጣል። ከአቅራቢው የሽያጭ ደረሰኝና የማውጫ ሰነድ ይወስዳል፤ ከመጋዘን ካርዱ ጋር ያመሳክራል። ማስረጃው ከሰነዱ ከተገኘ የሠራተኛዋ ቃል አያስፈልግም፤ በሪፖርቱ ውስጥም አትገባም። ይህ ጊዜ ይፈጃል፣ ገንዘብም ያስወጣል። ፖሊሲው ግን እንዲህ ብሎ ሊያስገድደው ይገባል፤ «ምርመራ ከመጀመሩ በፊት መርማሪው ጥቆማው የያዘው መረጃ ምንጩን ያጋልጥ እንደሆነ በጽሑፍ ይገመግማል፤ የሚያጋልጥ ከሆነ የምርመራውን አድማስ ያሰፋል።» እኔ ካየኋቸው ሰነዶች ይህች አንቀጽ ያለችበት በጣም ጥቂት ነው። ከሁሉም የምትጠቅመው ግን እሷ ናት።

ሌላም ችግር አለ። ሠራተኛዋ ራሷ 200 ብላ ፈርማለች። የሐሰት ሰነድ ላይ ፊርማዋ አለ። የበቀል በር የሚከፈተው እዚህ ነው። «ሰርቃለች» ሊሉ አይችሉም፤ «ያልተረከበችውን ተረክቤያለሁ ብላ ፈርማለች» ግን ሊሉ ይችላሉ፤ እውነት ስለሆነ። ፖሊሲው ከወንጀል ነጻ ሊያወጣት አይችልም። ያንን ቃል መግባት የድርጅቱ ሥልጣን አይደለም፤ ከተጻፈ ሰውን ያሳስታል። በውስጥ ዲሲፕሊን ግን ድርጅቱ ሥልጣን አለው። «በአለቃ ትእዛዝ የተፈጸመን ጥፋት ምርመራ ከመጀመሩ በፊት በራሱ ፈቃድ ያሳወቀ ሠራተኛ በዚያው ጥፋት ምክንያት ከሥራ አይሰናበትም» ብሎ መጻፍ ይችላል። ያለዚህ አንቀጽ ብዙ የሚያውቁት ሰዎች፣ ማለትም የፈረሙት፣ አፋቸውን ይዘጋሉ።

ወደ በቀሉ እንምጣ። ሰዎች በቀል ሲባል ማባረርን ያስባሉ። እውነቱን ለመናገር ብልህ አለቃ አያባርርም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው የጠቋሚዎች ጥበቃ መመሪያ ረጅም ዝርዝር አስቀምጧል፤ እገዳ፣ ከደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ የሥራ ቦታ መቀየር፣ ደመወዝ መቀነስ፣ ሥልጠና መከልከል፣ መጥፎ የአፈጻጸም ምዘና፣ ውል አለማደስ፣ በዘርፉ ስም ማጥፋት። እኛ አገር ከዚህ በላይ የተለመደ አለ። የመስክ ሥራ ትከለከላለች፤ አበሏ ይቀራል። ለብዙ ሠራተኛ አበል የቤት ኪራይ ናት። ወደ ሌላ ወረዳ ትዛወራለች፤ ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። ስብሰባ ላይ አትጠራም። ስትለቅ ክሊራንስ ወር ይፈጃል። የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሠርታለች» ከሚለው በቀር ምንም አይልም። የምትፈራው እነዚህን ስለሆነ ፖሊሲው በስማቸው ይጥራቸው።

ሕጋችንስ ምን ይላል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ስላቀረበ ወይም በክስ ሂደት ስለተሳተፈ ውሉን ማቋረጥ ሕገወጥ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አለው። ጥሩ ጥበቃ ነው። ሦስት ቀዳዳዎች ግን አሉት። አንደኛ፣ የሚናገረው ስለ ማሰናበት ነው፤ አበሉን፣ ዝውውሩን፣ ማግለሉን አይነካም። ሁለተኛ፣ በፕሮጀክት ጊዜ የተቀጠረ ሠራተኛ ውሉ ሲያልቅ «ተሰናበትኩ» ማለት ይከብደዋል፤ አልታደሰም ነው የሚባለው። ከእናንተ ሠራተኞች ስንቱ በአንድ ዓመት ውል ላይ ነው? ሦስተኛው ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። የፋይናንስ ኃላፊው፣ ብዙ ማጭበርበር በእጁ የሚያልፍበት ሰው፣ ሥልጣኑ ታይቶ የሥራ መሪ ከተባለ በዚህ አዋጅ አይጠለልም። ለእሱ ያለው ጥበቃ በውሉ ውስጥ የተጻፈው ነው። ስለዚህ ፖሊሲው የቅጥር ውሉ አካል መሆኑ በውሉ ላይ ይጻፍ።

የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 አለ የሚል ሊኖር ይችላል። አለ፤ ከባድ ጥበቃም ይሰጣል። ግን የተጻፈው ለከባድ ወንጀል ነው፤ አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት ለሚያስቀጣ፣ በጠቋሚው ሕይወት፣ አካል፣ ነጻነት ወይም ንብረት ላይ ከባድ አደጋ ሲኖር። የስድሳ ኩንታል ሲሚንቶ ጠቋሚ አበሏ ስለቀረ ወደዚያ አትሄድም። ፖሊሲያችሁ ይህን አዋጅ ጠቅሶ «በሕግ ትጠበቃለህ» ካለ ሰውየውን በማይሸፍነው ልብስ አልብሶ ወደ ዝናብ ልኮታል።

እንግዲህ ጥበቃው በተግባር ምን ይሁን? እኔ የምመክረው አንድ ቀላል ብልሃት ነው። ከጥቆማው ቀን ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ወር በጠቋሚው ላይ ማንኛውም የሚጎዳ ውሳኔ ከመፈጸሙ በፊት በኦዲት ኮሚቴው ይታያል። ዝውውር ቢሆን፣ ውል አለማደስ ቢሆን፣ ምዘና ቢሆን። ውሳኔውን ያቀረበው ኃላፊ ከጥቆማው ጋር እንደማይገናኝ የማስረዳት ሸክሙን ይሸከማል። ጠቋሚዋ «በቀል ነው» ብላ ማስረዳት አይጠበቅባትም። የአውሮፓው መመሪያም ይህንኑ ያደርጋል፤ ጠቋሚው ጥቆማ ማቅረቡንና ጉዳት መድረሱን ካሳየ ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የውሳኔው ሐሳብ ያለው በኃላፊው ጭንቅላት፣ ወረቀቱ ያለው በኃላፊው መሳቢያ ውስጥ ነው።

«ግን ኮሚቴው የጠቋሚዋን ስም አያውቅም አላልክም ወይ?» ትሉኛላችሁ። ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ሁለቱ ቃል ኪዳኖች ይጋጫሉ። መውጫው እንዲህ ነው። ጥቆማውን የተቀበለው ሰው የታሸገ መዝገብ ይይዛል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በድርጅቱ የሚወሰዱ የዝውውር፣ የስንብትና የውል አለማደስ ውሳኔዎች በሙሉ በየወሩ ለእሱ ይደርሱታል። ዝርዝሩ የሁሉም ሠራተኛ ስለሆነ ማንንም አይጠቁም። የጠቋሚውን ስም እዚያ ውስጥ ካየ ውሳኔው እንዲቆም ለኮሚቴው ሰብሳቢ ብቻ ይነግራል። ያለ ስም የጠቆመ ሰው ግን ይህን ጥበቃ ማግኘት አይችልም፤ ማን እንደሆነ ካልታወቀ ማን ይጠብቀው? ይህም በፖሊሲው ውስጥ በግልጽ ይነገር። በኋላ ማንነቱ ከታወቀ ጥበቃው ከዚያ ቀን ይጀምራል።

አንድ የሚያሰናክል ነገር አለ፤ የሕግ ባለሙያ ካልነገራችሁ አታዩትም። በአዋጅ 1156 አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችልበትን ጥፋት ካወቀ በኋላ 30 የሥራ ቀን ካለፈ መብቱ ይቀራል። ኮሚቴው የአንድን እውነተኛ አጥፊ ጉዳይ ለሁለት ወር ይዞ ቢቆይ ድርጅቱ ማሰናበት አይችልም። ያኔ ሥራ አመራሩ «ይህ ፖሊሲ እጃችንን አሰረ» ብሎ ይሰርዘዋል። ስለዚህ ኮሚቴው በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ መወሰን አለበት ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ስለ አንዲት ቃል። አብዛኛው ሰነድ ጥበቃው የሚሰጠው «በቅን ልቦና» ለጠቆመ ብቻ ነው ይላል። ክፉ ቃል አይደለም። ነገር ግን በምርመራው ላይ የሚያመጣውን እዩ። የግዥ ኃላፊው «ከእሷ ጋር ተጣልተን ነበር፣ ቂም ይዛ ነው» ይላል። ምርመራው ከሲሚንቶው ወጥቶ ወደ ሴትዮዋ ልብ ይገባል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ሕግ ይህን መስፈርት ይዘው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 አነሡት፤ አሁን የሚቆጠረው ካሣ ሲቀነስ ብቻ ነው። የአውሮፓው መመሪያም ዓላማውን አይጠይቅም። እናንተም «በጥቆማው ጊዜ በነበረው መረጃ መሠረት እውነት ነው ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት የነበረው» ብላችሁ ጻፉ። ቂም ቢኖራት እንኳ ሲሚንቶው ጎድሏል ወይ የሚለው ነው ጥያቄው። ሐሰት መሆኑን እያወቀ የጠቆመ ሰው በዚህ አይሸፈንም፤ ለዚያ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አምስት መስመር ማስፈራሪያ መደርደር ግን የሚያስፈራው ዋሾውን አይደለም፤ እውነተኛውን ነው።

ስለ ጊዜ ባጭሩ። ጥቆማ በደረሰ በ7 ቀን ውስጥ «ደርሶናል» የሚል መልስ፣ በሦስት ወር ውስጥ ምን እንደተደረገ የሚገልጽ ምላሽ። ይህን መጠን የአውሮፓው መመሪያ አስቀምጦታል፤ ለእኛም ይሠራል። በዝምታ የተቀመጠ ሰው ጥቆማው እንደተጣለ ያስባል፤ ወደ ጋዜጠኛ ወይም ፌስቡክ የሚሄደውም ያኔ ነው።

ከተሳታፊዎች አንዱ ጥሩ ጥያቄ አቀረበ። «የእኛ ቦርድ አምስት ሰው ነው፤ ሁሉም የዳይሬክተሩ ጓደኞች ናቸው። የኦዲት ኮሚቴም የለንም። ምን እናድርግ?» የብዙ ድርጅት እውነት ይህ ነው።

መልሴ እንዲህ ነበር። ውጫዊ ተቀባይ ቅጠሩ። አንድ ጠበቃ ወይም ሒሳባችሁን የማይመረምር የኦዲት ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን የሚመረምረውን አትያዙ፤ ሁለቱ ሥራዎች ይጋጩበታል። አቅም ከሌላችሁ ሦስት አራት ድርጅቶች ተባብራችሁ አንድ ሰው ያዙ፤ ወጪውን ትከፋፈላላችሁ። የለጋሻችሁን የጥቆማ መስመርም በፖሊሲው ላይ በግልጽ ጻፉ፤ የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽንንም እንዲሁ። ሠራተኛው መጀመሪያ በውስጥ ካልጠቆመ ወደ ውጭ መሄድ አይችልም የሚል ሐረግ አታስገቡ።

ከጠበቃው ጋር ስትዋዋሉ ግን ሁለት ነገር ጠብቁ። ውሉን የሚፈርመው ዋና ዳይሬክተሩ አይሁን፤ ቦርዱ ይፈርመው፣ ማቋረጥ የሚችለውም በቦርድ ቃለ ጉባኤ ብቻ ይሁን። የዓመት ክፍያውም በዓመቱ መጀመሪያ አንዴ ይከፈል። በየወሩ የሚከፈል ከሆነ ክፍያውን የሚያጸድቀው ሰው ያው ሊጠቆምበት የሚችለው ሰው ነው፤ ጥቆማ በመጣበት ወር ቼኩ ሊዘገይ ይችላል።